የካርታ ርቀትን ማስላትና መልሱን ማረጋገጥ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በቦርከና ሸለቆ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ሐርቡ ከመድረሱ በፊት የ11ኛውን ዲግሪ ኬክሮስ መስመር ይሻገራል። መስመሩ በመሬት ላይ አይታይም። ካርታ ላይ ግን ጎልቶ ተሰምሯል፤ እንዲያውም የአንዱ ካርታ ወረቀት የሚያልቅበትና ሌላው የሚጀምርበት ድንበር ነው። ይህ መስመር በሁለቱ ከተሞች መካከል ማለፉ በወረቀት ላይ በማስመሪያ የተለካን ርቀት ወደ ኪሎ ሜትር ለሚቀይር ሰው ጠቃሚ ምስክር ይሆናል። የስሌቱን ውጤት ከስሌቱ ውጪ በሆነ መንገድ ለመመርመር ያስችለዋልና።

የካርታ መስፈርት፣ በተለምዶ ስኬል የሚባለው፣ በወረቀት ላይ ያለው ርዝመት በመሬት ላይ ካለው ርዝመት ጋር ያለውን ንጥጥር የሚገልጽ ነው። 1፡50,000 ተብሎ ሲጻፍ፣ በካርታው ላይ 1 የሆነ ማንኛውም ርዝመት በመሬት ላይ 50,000 ተመሳሳይ ርዝመት ነው ማለት ነው። 1 ሳንቲ ሜትር 50,000 ሳንቲ ሜትርን፣ 1 ስንዝርም 50,000 ስንዝርን ይወክላል። ንጥጥሩ ራሱ የመለኪያ አሃድ የለውም። አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም ከዚህ ነው፤ አሃዱን የሚሰጠው ሠሪው ነውና፣ በሳንቲ ሜትር የጀመረ ሰው በሳንቲ ሜትር አስልቶ በመጨረሻ ብቻ ወደ ኪሎ ሜትር መሻገር ይኖርበታል።

ጥያቄውና ሦስቱ መልሶች

በክፍል ውስጥ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ እንዲህ ይላል እንበል፦ «በ1፡50,000 መስፈርት በተዘጋጀ ካርታ ላይ በኮምቦልቻና በሐርቡ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርዝመት 38.4 ሳንቲ ሜትር ነው። በመሬት ላይ ያለው ርቀት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

ስሌቱ ሁለት እርምጃዎች ብቻ አሉት። የመጀመሪያው ማባዛት ነው፤ 38.4 በ50,000 ሲባዛ 1,920,000 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለተኛው አሃዱን መቀየር ነው። በ1 ሜትር ውስጥ 100 ሳንቲ ሜትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ደግሞ 1,000 ሜትር ስላለ፣ 1 ኪሎ ሜትር 100,000 ሳንቲ ሜትር ነው። 1,920,000 ለ100,000 ሲካፈል 19.2 ይሆናል። መልሱ 19.2 ኪሎ ሜትር ነው።

ይሁንና ይህ ጥያቄ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ይገኛል፦ 1.92፣ 19.2 እና 192። አሃዞቹ በሦስቱም አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በነጥቡ ቦታ ብቻ ነው። 192 ያለው ተማሪ 1 ኪሎ ሜትር 10,000 ሳንቲ ሜትር ነው ብሎ አንድ ዜሮ ጥሏል። 1.92 ያለው ደግሞ አንድ ዜሮ ጨምሯል። ማባዛቱን የተሳሳተ የለም። ስለዚህ ማባዛቱን ደጋግሞ መሥራት ስህተቱን አያጋልጥም።

ወደ ኋላ ማስላት የማያገኘው ስህተት

መልስን ለማረጋገጥ በስፋት የሚመከረው ዘዴ ወደ ኋላ ማስላት ነው። 19.2 ኪሎ ሜትር ወደ ሳንቲ ሜትር ተመልሶ 1,920,000 ይሆናል፤ ይህም ለ38.4 ሲካፈል 50,000 ይሰጣል። ከካርታው መስፈርት ጋር ስለተስማማ መልሱ ትክክል ነው ይባላል።

ዘዴው ግን ትልቅ ክፍተት አለው። 192 ያለው ተማሪም በዚሁ መንገድ ቢፈትሽ መልሱ ትክክል ሆኖ ይታየዋል። 1 ኪሎ ሜትር 10,000 ሳንቲ ሜትር ነው ብሎ የሚያምን ሰው 192ን በ10,000 አባዝቶ 1,920,000 ያገኛል፤ ለ38.4 ሲያካፍለውም 50,000 ይወጣለታል። ሲሄድ የጣለውን ዜሮ ሲመለስም ጥሎታልና ሁለቱ ስህተቶች ይጣፋሉ። ወደ ኋላ ማስላት የማባዛትንና የማካፈልን ግድፈት ያገኛል፤ ሠሪው በልቡ የያዘውን የተሳሳተ ቁጥር ግን አያገኝም።

በመሆኑም የመጀመሪያው አስተማማኝ ፍተሻ ከስሌቱ በፊት የሚደረግ ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚወክል አስቀድሞ በቃል መናገር። 50,000 ሳንቲ ሜትር 500 ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በ1፡50,000 ካርታ ላይ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ሁልጊዜ የሳንቲ ሜትሩ ግማሽ መሆን አለበት። የ38.4 ግማሽ 19.2 ነው። 192 ከ38.4 ስለሚበልጥ ያለ ምንም ስሌት ይወድቃል፤ 1.92ም ከግማሽ እጅግ ስለሚያንስ አብሮ ይወድቃል።

በ1፡250,000 ካርታ ላይ ደግሞ 1 ሳንቲ ሜትር 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ካርታ ያው ርቀት 7.7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይለካል፤ በ2.5 ሲባዛም ወደ 19.2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካርታው ሲለወጥ የሚለወጠው የወረቀቱ ርዝመት እንጂ የመሬቱ ርቀት አይደለም። ሁለት ካርታዎች በሁለት ከተሞች መካከል የተራራቀ መልስ ከሰጡ ከሁለቱ ልኬቶች አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

የኬክሮስና የኬንትሮስ ምስክርነት

ከማስመሪያውም ሆነ ከመስፈርቱ ነጻ የሆነው ፍተሻ የሚገኘው በካርታው ጠርዝ ላይ ከታተሙት የዲግሪና የደቂቃ ቁጥሮች ነው። ወደ ሙሉ ደቂቃ ሲጠጋጋ ኮምቦልቻ በ11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስና በ39 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ሐርቡ ደግሞ በ10 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ሰሜንና በ39 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት።

የሁለቱ የኬክሮስ ልዩነት 10 ደቂቃ ነው፤ 60 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለሆነ ከ11 ዲግሪ በላይ 5፣ ከ11 ዲግሪ በታች 5 ደቂቃ ነው። በዚህ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1.84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ስለዚህ ሐርቡ ከኮምቦልቻ 18.4 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ናት። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 3 ደቂቃ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ከምድር ወገብ ሲርቁ እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ በዚህ ኬክሮስ አንድ የኬንትሮስ ደቂቃ በጥቂቱ አንሶ 1.82 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሐርቡም 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ናት።

ወደ ደቡብ ያለው 18.4 እና ወደ ምሥራቅ ያለው 5.5 ኪሎ ሜትር የአንድ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ናቸው፤ የሚፈለገው ቀጥተኛ ርቀት ሦስተኛው ጎን ነው። የ18.4 ካሬ 338.6፣ የ5.5 ካሬ 30.3 ነው። ድምራቸው 368.9 ሲሆን ካሬ ሥሩ 19.2 ነው። በማስመሪያና በመስፈርት የተገኘው መልስ በዚህ በሌላ መንገድም ተገኘ።

የዚህ ፍተሻ ወሰን መታወቅ አለበት። ቦታዎቹ ወደ ሙሉ ደቂቃ ስለተጠጋጉ እያንዳንዱ ቁጥር እስከ ግማሽ ደቂቃ ሊሳሳት ይችላል። የሁለቱ ከተሞች ሲደመር በከፋ ሁኔታ ከ2 ኪሎ ሜትር በጥቂቱ የሚበልጥ ልዩነት ይፈጠራል። ስለዚህ ፍተሻው 19.2ን ከ19.6 አይለይም። 19.2ን ከ1.92ና ከ192 ግን ያለ ጥርጥር ይለያል፤ የተጠራው ለዚህ ነውና በቂ ነው።

ሁለቱ ከተሞች በአንድ ወረቀት ላይ የሉም

ጥያቄው በዝምታ ያለፈው ነገር አለ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተማቸው የ1፡50,000 ካርታዎች እያንዳንዳቸው 15 ደቂቃ ኬክሮስና 15 ደቂቃ ኬንትሮስ ይሸፍናሉ። በዚህ አከፋፈል አንዱ ወረቀት በ11 ዲግሪ ላይ ያልቃል፤ በ39 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይም እንዲሁ። ኮምቦልቻ ከመጀመሪያው መስመር በስተ ሰሜን፣ ከሁለተኛውም በስተ ምዕራብ ናት። ሐርቡ በሁለቱም በተቃራኒው ወገን ናት። ሁለቱ ከተሞች የሚገኙት በማዕዘን ብቻ በሚነካኩ ሁለት ወረቀቶች ላይ ነው።

ወረቀቶቹን አጋጥሞ በማስመሪያ መለካት ይቻላል፤ ነገር ግን ነጩ ጠርዝ ሳይታጠፍ ከቀረ በመካከሉ ያለው ባዶ ቦታ እንደ መሬት ይቆጠራል። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ነጭ ጠርዝ ቢቀር 1.5 ኪሎ ሜትር በሐሰት ይጨመራል። ጥንቃቄ የሚያደርግ ሰው በዚህ ጊዜ ማስመሪያውን ትቶ በካርታው ላይ በተሰመሩት የካሬ መስመሮች ይጠቀማል። እነዚህ መስመሮች በየ1 ኪሎ ሜትሩ ስለተሰመሩና ቁጥራቸው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል፣ የአንዱን ከተማ ቁጥር ከሌላው መቀነስ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት በቀጥታ በኪሎ ሜትር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ከላይ የታየው የጎነ ሦስት ስሌት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ከሁለቱ ከተሞች የአንዱን ቁጥር ከወረቀት ካርታ፣ የሌላውን ከስልክ መውሰድ አይገባም። የቆዩት ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ የተሠሩ ሲሆን ስልኮች የሚጠቀሙት ሌላ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኢትዮጵያ 200 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ይህ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከአንድ ምንጭ ከተወሰዱ ግን መዛባቱ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ በመቀናነሱ ይጠፋል።

የተባዛ ካርታ ሲያሳስት

በትምህርት ቤት የሚሠራበት ካርታ ብዙውን ጊዜ ዋናው ወረቀት ሳይሆን ቅጂው ነው። የ1፡50,000 ካርታ ወረቀት በዚህ አካባቢ ከላይ እስከ ታች 55 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም በተለመደው የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ አይበቃም፤ ስለዚህ ይቀነሳል። ጽሑፉ ግን አብሮ ይባዛል፤ «1፡50,000» የሚለው በቅጂው ላይም ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ግን እውነት አይደለም።

አንድ ካርታ ወደ 70 በመቶ ተቀንሶ ቢባዛ 38.4 ሳንቲ ሜትር የነበረው ርዝመት 26.9 ይሆናል። ተማሪው በታተመው መስፈርት አስልቶ 13.4 ኪሎ ሜትር ብሎ ይመልሳል። ማባዛቱ ትክክል ነው፣ አሃዱ በትክክል ተቀይሯል፣ ወደ ኋላ ማስላትም ይስማማል። መልሱ ግን ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ጎድሏል።

ይህን ስህተት ለማወቅ አንድ የካሬ መስመር ከሚቀጥለው ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ይበቃል። በእውነተኛ 1፡50,000 ካርታ ላይ በትክክል 2 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። በቅጂው ላይ 1.4 ሆኖ ከተገኘ ካርታው ተቀንሷል። መፍትሔውም እዚያው ነው፤ 1.4 ሳንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 26.9 ለ1.4 ሲካፈል መልሱ እንደገና 19.2 ይሆናል። በካርታው ግርጌ የሚታተመው መስመራዊ መስፈርትም በዚሁ ምክንያት ከቁጥሩ ይልቅ ይታመናል፤ ካርታው ሲቀነስ አብሮ ይቀነሳል፣ ሲያድግም አብሮ ያድጋል። በስልክ ላይ ለሚታይ ካርታም ሕጉ ይኸው ነው፤ በጣት በተሰፋ ወይም በተጠበበ ምስል ላይ የታተመ ንጥጥር አያገለግልም።

ቀጥተኛው ርቀትና የመኪናው መንገድ

መልስን በሕይወት ልምድ ማመዛዘን ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን የሚመዘነው ነገር በትክክል መመረጥ አለበት። ለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የ1፡50,000 ወረቀት ላይ ስለሚገኙ በመካከላቸው ያለውን ርዝመት በቀጥታ መለካት ይቻላል። ወደ 24.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ግማሹ 12.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይናገራል። ደሴ ከአዲስ አበባ 401፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 376 ኪሎ ሜትር እንደምትርቅ በተለምዶ ይነገራልና።

በዚህ ጊዜ ተማሪው ስሌቱን ሊጠራጠር፣ እንዲያውም መልሱን በሁለት ሊያባዛ ይችላል። ሌላው ደግሞ ልዩነቱን ለቁልቁለቱ ይሰጠዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ የ650 ሜትር ልዩነት አለ። ካርታ አግድም ርቀትን ብቻ እንደሚያሳይ እውነት ነው። ሆኖም 12.25 ኪሎ ሜትር አግድምና 0.65 ኪሎ ሜትር ቁመት ያለው ተዳፋት በጎነ ሦስት ስሌት ሲሠራ 12.27 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቁልቁለቱ የጨመረው ከ20 ሜትር ያነሰ ነው፤ በካርታው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ርቀቱን እጥፍ ያደረገው የመንገዱ መጠማዘዝ ነው። መኪና 650 ሜትሩን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መውረድ ስለማይችል መንገዱ የተራራውን ወገብ ተከትሎ ይዞራል። የመንገዱን ርቀት የሚፈልግ ሰው ማስመሪያ ሳይሆን ክር ይጠቀማል፤ ክሩን በመንገዱ ጥምዝ ሁሉ ላይ አስተኝቶ ከዚያ ቀጥ አድርጎ ይለካዋል። በ1፡50,000 ካርታ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ይፈልጋል። ክሩ ግን ጥቃቅን ኩርባዎችን መዝለሉ አይቀርም፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚገኘው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ቆጣሪ ያንሳል። በ1፡250,000 ካርታ ደግሞ ጉድለቱ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ኩርባዎች በካርታው ላይ ጭራሹን አልተሣሉም።

ከዚህ የሚገኘው ፍተሻ ቀላል ነው። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ መንገድ ከቀጥተኛው መስመር ሊያንስ አይችልም። በካርታ ተሰልቶ የተገኘ ቀጥተኛ ርቀት ከመኪናው መንገድ ከበለጠ መልሱ በእርግጥ ተሳስቷል። ካነሰ ግን ገና አልተሳሳተም፤ ምን ያህል ማነስ እንዳለበት የሚወስነው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ግማሽ ያህል መሆኑ ከተራራው የመጣ ነው፤ ሸለቆን ተከትሎ በሚሄድ መንገድ ላይ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

መልሱ የሚጻፈው እስከ ስንት አሃዝ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ምን ያህል ይታመናል የሚለው ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር 50 ሜትር ነው። ጥሩ ዓይን ያለው ሰው በተለመደ ማስመሪያ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለይቶ ቢያነብ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ የ25 ሜትር ጥርጣሬ ይኖራል። ከዚህም በላይ ከተማ ነጥብ አይደለም። ሐርቡን ከመግቢያዋ የለካና ከመሐሏ የለካ ሰው በብዙ መቶ ሜትሮች የተለያየ መልስ ይኖራቸዋል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ከመልሱ ጋር የተለካው ከየት እስከ የት እንደሆነ መጻፍ አለበት።

በዚህ ምክንያት 38.4 ሳንቲ ሜትር የተለካ ርዝመት 19.2 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ 19.200 ወይም 19,200 ሜትር ከ00 ሳንቲ ሜትር ተብሎ አይጻፍም። የስሌት መሣሪያ የሚያወጣቸው ተጨማሪ አሃዞች ከመሬቱ የመጡ አይደሉም። ማስመሪያው ሦስት አሃዝ ካነበበ መልሱም ሦስት አሃዝ ይኑረው፤ አሃዱ ይጻፍ፤ ቀጥተኛ ርቀት ወይም የመንገድ ርቀት መሆኑም ይገለጽ። እንዲህ የተጻፈ መልስ ሌላ ሰው በሌላ ካርታ ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል።